ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ደቂቃ አይደለም

በዚህ ሳምንት ያናደደኝ አንድ ካርቶን ነው። ፌርፋክስ ላይ፣ ከኦሎምፒክ ወረድ ብሎ የታክስ ቢሮ ያለው ወዳጄ ዩፒኤስ ገዝቶ ጠረጴዛው ሥር አስቀምጧል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 600 ተብሎ ተጽፏል። «ከእንግዲህ መብራት ቢሄድ አንድ ሰዓት ሙሉ እሠራለሁ» አለኝ። በምን ሒሳብ ስለው «600 እኮ ነው!» ብሎ ዘጋኝ።

ከትልልቅ ቁጥር ጋር ያለኝን ጠብ የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቁታላችሁ። ስልክ በሜጋፒክስል፣ መኪና በፈረስ ጉልበት የሚገዛ ሰው ዩፒኤስ በቪኤ ቢገዛ አይገርመኝም። ግን ቪኤ የሚናገረው ዕቃው ምን ያህል ጭነት እንደሚችል እንጂ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ አይደለም። ያም ቢሆን ከጎኑ በደቃቁ የተጻፈውን ዋት ማየት ይሻላል። የወዳጄ 600 ቪኤ የሚሸከመው 330 ዋት ነው።

ቆይታውን የሚወስነው ውስጥ ያለው ባትሪ ነው። የዚህ ዓይነቱ ዕቃ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር-ሰዓት ነው። ሁለቱን ብናባዛ 84 ዋት-ሰዓት ይሆናል። ጭነቱንስ? ወዳጄ ኮምፒውተሩ ጀርባ 500 ዋት የሚል ጽሑፍ አይቶ ደንግጦ ነበር። እሱ ፓወር ሰፕላዩ ቢበዛ የሚችለው ነው፤ ታክስ የሚሠራ ኮምፒውተር ያን ያህል አይበላም። በዋት መለኪያ ስናየው ኮምፒውተሩ 80፣ ስክሪኑ 25፣ ሞደሙና ራውተሩ 20፣ በድምሩ 125 ዋት ሆነ።

84ን ለ125 ብታካፍሉት 40 ደቂቃ ይመጣል። ይህ ግን የወረቀት ሒሳብ ነው። የባትሪውን ኃይል ወደ 120 ቮልት የሚቀይረው ክፍል ከመንገድ ላይ ጥቂቱን በሙቀት ያባክነዋል። ዋናው ቅነሳ ግን ከባትሪው ራሱ ነው። 7 አምፔር-ሰዓት የተባለው ባትሪው በ20 ሰዓት ቀስ እያለ ሲያልቅ የተለካ ነው፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ እንጨርስህ ሲሉት ከዚያ ግማሹን ቢሰጥ ነው። ስለዚህ በአዲስ ባትሪ 15 ደቂቃ ገደማ ጠብቁ። የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው ዕድሜው፤ በሦስተኛው ዓመት 15ቱ 8 ቢሆን ሻጩን አትስደቡ።

«ታዲያ ምን ይጠቅመኛል?» አለ ወዳጄ። የጀመርከውን ፎርም አስቀምጠህ፣ ደንበኛህን ይቅርታ ጠይቀህ፣ ኮምፒውተሩን በወጉ ለማጥፋት 15 ደቂቃ ይተርፍሃል አልኩት። በመስከረም 2005፣ በፈረንጆቹ፣ ሠራተኞች በስህተት በቆረጡት ሽቦ የሎስ አንጀለስ ብዙው ሰፈር እኩለ ቀን ላይ መብራት ሄዶበት ነበር። እንዲህ ዓይነቱን ቀን በዩፒኤስ ሠርቶ ማሳለፍ አይታሰብም፤ ያን የሚፈልግ ጄኔሬተር ይግዛ።

ጎንበስ ብዬ ሳይ ደግሞ ሌዘር ፕሪንተሩ ባትሪ ባለው ሶኬት ላይ ተሰክቷል። ሌዘር ፕሪንተር ቀለሙን በወረቀቱ ላይ ለማቅለጥ ሲግል በመቶዎች የሚቆጠር ዋት በአንዴ ይስባል፤ ያኔ ዩፒኤሱ ይጮኽና ሁሉንም ያጠፋዋል። ወደ ሌላው ረድፍ፣ ከባትሪ ጋር ወዳልተያያዘው አዛወርነው። የዩኤስቢ ገመዱም ካርቶኑ ውስጥ እንደታሰረ ነበር። እሱ ከተሰካ ባትሪው ሲዳከም ኮምፒውተሩ ራሱን እንዲያጠፋ ማዘዝ ይቻላል፤ ሰው ምሳ ቢሄድም ፋይሉ አይጎዳም።

ልወጣ ስል «አንድ ደግሞ ለእህቴ አዲስ አበባ እልካለሁ» አይለኝ መሰላችሁ! ይሄ ሌላው የቆየ ጠቤ ነው፦ ከአሜሪካ የተገዛ ሁሉ ለአገር ቤት ይሆናል የሚሉ ሰዎች። እዚህ ግድግዳው 120 ቮልት ነው፣ እዚያ 220። የዚህን አገር ዩፒኤስ እዚያ መሰካት ማቃጠል ነው። ስለዚህ ሻንጣ ይዛችሁ ወደ ቦሌ የምትበሩ ሁሉ፣ እባካችሁ፣ ያን ከባድ ሳጥን ተዉትና ገንዘቡን ላኩላቸው፤ እዚያው ባለ 220ውን፣ ካርቶኑ ላይ ቪኤውን ሳይሆን ዋቱንና ባትሪውን አይተው ይግዙ። እዚህ ያላችሁ ደግሞ በመጪው እሑድ ፋይላችሁን ዘግታችሁ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ንቀሉና ሰዓት ያዙ። የራሳችሁን ደቂቃ የምታውቁት ያኔ ነው።