ነጥቡ ለማን ይገባል?

ባለፈው ወር በማኅበራችን አዳራሽ በተደረገው የጥያቄና መልስ ውድድር ምሽት፣ የውድድሩ መሪ ጥያቄዎቹን ከመጀመሩ በፊት አጭር የመክፈቻ ንግግር አድርጎ ነበር። የንግግሩ ፍሬ ነገር እንዲህ የሚል ነው፤ «ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ዛሬ ማታ ዋንጫውን ይዞ የሚሄደው አንድ ቡድን ብቻ ነው። የማያውቁትን ነገር ለማወቅ ጓጉቶ ወደ ቤት መሄድ ግን ለሁላችንም የተፈቀደ ነው። ስለዚህ ከማሸነፍ ይልቅ ለማወቅ መጓጓት ይበልጣል»። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ እኛም አጨበጨብን። በንግግሩ ውስጥ ዛሬም ቢሆን የምንነቅፈው ቃል የለም። የምንነቅፈው ከንግግሩ በኋላ የሆነውን ነው፤ ምክንያቱም ሌሊቱ ሳይጋመስ ንግግሩና የነጥብ ሰሌዳው ተጣሉ።

የተጣሉትም በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። «በኢትዮጵያ ረጅሙ ተራራ ማን ነው? ቁመቱስ ስንት ነው?» ተብሎ ተጠየቀ። አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ እኅታችን «ራስ ደጀን፣ 4,550 ሜትር» ብላ መለሰች። ካርዱ ላይ የተጻፈው ግን 4,620 ነበረና «ተሳስተሻል» ተባለች። እርስዋም ሳትቆጣ፣ «4,620ን የለካው ማን ነው? በምንስ ለካው?» ብላ ጠየቀች። የተሰጣት መልስ «ጊዜ የለንም፣ ወደሚቀጥለው ጥያቄ» የሚል ነበር። ቡድንዋ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ። የነጥቡ ነገር ይቅር። በዚያ ምሽት ከተነሡት ጥያቄዎች ሁሉ የመክፈቻውን ንግግር በእውነት የታዘዘው የእርስዋ ጥያቄ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ዝም እንድትል የተደረገችው እርስዋ ብቻ መሆንዋ ነው ያሳዘነን።

እንግዲህ የተከለከለችውን ጥያቄ እኛ በዚህ ገጽ ላይ እንጠይቅላት።

4,620 የሚለው ቁጥር ለብዙ ዓመታት በመማሪያ መጻሕፍትና በካርታዎች ላይ ሲታተም ኖሯል። በኋላ በተደረጉ ልኬቶች የተገኙት ቁጥሮች ግን ከዚያ ያንሳሉ፤ አንዳንዱ 4,533 ይላል፣ አሁን በብዛት የሚጠቀሰው ደግሞ 4,550 ነው። ተራራው እንዳላጠረ የታወቀ ነው። የተለወጠው የሰው መለኪያ ነው። ታዲያ ተራራን የሚያህል ነገር በገመድ የማይለካ ከሆነ በምን ይለካል?

ሁለቱ የፈረንሳይ መኰንኖች ፌሬና ጋሊንየ ራስ ደጀንን ወጡ በተባለበት በ1841 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ መንገደኞች የተራራን ከፍታ ከሚያውቁባቸው መንገዶች አንዱ ውሃ ማፍላት ነበር። ነገሩ ለሰሚው ቀልድ ይመስላል፤ ነገር ግን ባልትና ያላት እናት ሁሉ ግማሹን ታውቀዋለች። ደጋ ላይ ንፍሮ ከቆላው ይልቅ ዘግይቶ ይበስላል። ምክንያቱም ከፍ ባልን ቁጥር በላያችን የሚጫነን አየር ይቀንሳል፤ የሚጫነው አየር ሲቀንስ ውሃው ገና ብዙ ሳይግል ይፈላል። በባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ፣ ከፍታዋ 2,400 ሜትር ያህል በሆነችው በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በራስ ደጀን ጫፍ ላይ ደግሞ በ85 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በደፈናው ሲሰላ፣ 300 ሜትር በወጣን ቁጥር አንድ ዲግሪ ይቀንሳል ማለት ነው። ስለዚህ መንገደኛው ማሰሮውንና ጥሩ ቴርሞሜትር ይዞ ከወጣ፣ ውሃው የፈላበትን ሙቀት አይቶ ከፍታውን ያሰላል።

ነገር ግን ስሕተቱም የሚገባው በዚያው በር ነው። በ4,620 እና በ4,550 መካከል ያለው ልዩነት 70 ሜትር ነው። 300 ሜትር አንድ ዲግሪ ከሆነ፣ 70 ሜትር ሩብ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። በብርድና በነፋስ መካከል፣ እጅ እየተንቀጠቀጠ፣ በቀጭን የመስተዋት ዘንግ ላይ ሩብ ዲግሪ ማሳሳት ምን ይገርማል? ከዚህም በላይ የአየሩ ክብደት በከፍታ ብቻ ሳይሆን በዕለቱ ጠባይም ይለወጣል። ዝናብ ሊመጣ ሲል ባሮሜትር ዝቅ ይላል፤ ተራራው ሳይነቃነቅ ከፍ ያለ መስሎ ይታያል። ለዚህ መድኃኒቱ ሁለት ሰው ማቆም ነው፤ አንዱ ከፍታው አስቀድሞ በታወቀ ቦታ ከታች ይቀመጣል፣ ሌላው ከጫፍ ላይ ይሆናል፣ ሁለቱም በአንድ ሰዓት ይለካሉ። ያን ጊዜ የአየሩ ጠባይ ሁለቱንም እኩል ስለሚነካቸው ልዩነቱ ብቻ ይቀራል። ብቻውን የተጓዘ ሰው የጻፈውን ቁጥር ስናነብ እንግዲህ መጠየቅ ያለብን፣ ከታች የቀረ ጓደኛ ነበረው ወይ ብለን ነው።

አዲሱ መለኪያስ ከስሕተት የጸዳ ነውን? አይደለም። በየካቲት 2000 እ.ኤ.አ. ኤንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር 11 ቀን ምድርን እየዞረች አብዛኛውን የየብስ ክፍል በራዳር ለክታለች። ከእንዲህ ያለው ልኬት የሚሠራው ካርታ ግን መሬቱን በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፍልና ለእያንዳንዱ አንድ የከፍታ ቁጥር ይሰጣል። የአንዱ ማዕዘን ጐን 30 ሜትር ያህል ነው እንበል። በዚያ ውስጥ ሹል ድንጋይ ቢኖር፣ የድንጋዩ ጫፍና ከሥሩ ያለው ገደል ተደባልቀው አንድ ቁጥር ይሆናሉ። ስለዚህ ሜዳን በደንብ የሚለካው መሣሪያ የሹል ተራራን ጫፍ ዝቅ አድርጎ የመናገር ጠባይ አለው። የማሰሮው መንገደኛ በአንድ በኩል ሲሳሳት፣ ከሰማይ የሚያየው ራዳር በሌላው በኩል ይሳሳታል። ቁጥሩን ብቻ የሸመደደ ሰው ይህን አያውቅም፤ «ማን ለካው?» ብሎ የጠየቀ ግን ከአንድ ተራራ ተነሥቶ ስለ አየር፣ ስለ ውሃና ስለ ካርታ ተምሮ ይመለሳል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ «ውድድር ውድድር ነው፤ ነጥብና ዋንጫ ባይኖር አዳራሹም ባዶ ይሆናል» ይሉናል። ይህን አንክድም። ሰዉን የሚሰበስበው ዋንጫው ነው። እኛም ሰሌዳው ይሰበር አላልንም። የምንለው ሰሌዳው ንግግሩን ይምሰል ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለው አባቶቻችን የተረቱት ጥምጥሙን ጠልተው አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን ሲያስተካክሉ ነው እንጂ። መሪው በንግግሩ ጉጉትን አስቀድሞ በነጥብ አሰጣጡ ካርዱን ካስቀደመ፣ ተማሪው የሚያምነው ነጥቡን ነው። በሚቀጥለው ዓመት የሚያደርገውም ግልጽ ነው፤ ያለፉትን ዓመታት ካርዶች ለምኖ ይሸመድዳል። ሲሮጡ የታጠቁት ደግሞ ሲሮጡ ይፈታል፤ ሳምንት ሳይሞላው ሁሉም ይጠፋዋል።

ጉጉትና ማስታወስ የተያያዙ ስለመሆናቸው ደግሞ ማስረጃ አለ፤ የተገኘውም በእንዲህ ዓይነት የውድድር ጥያቄዎች ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዴቪስ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ለሰዎች ብዙ ጥያቄዎች አቅርበው፣ የእያንዳንዱን መልስ ለማወቅ ምን ያህል እንደሚጓጉ አስቀድመው ጠየቋቸው። ከዚያም መልሱን ወዲያው ከመንገር ይልቅ ጥቂት ሰከንድ አስጠበቋቸው፤ በመጠበቂያውም መካከል የማያውቁትን ሰው ፊት በሥዕል አሳዩአቸው። በኋላ ሲፈተኑ በጣም የጓጉባቸውን መልሶች ካልጓጉባቸው አብልጠው አስታወሱ። ይህስ የሚጠበቅ ነው እንበል። የሚያስደንቀው ግን ማንም አስታውሱ ያላላቸውን፣ ከጥያቄውም ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውን ፊት እንኳ፣ የታየው በጉጉት ጊዜ ከሆነ በተሻለ ማስታወሳቸው ነው። እንግዲህ የሚሠራው በጥያቄውና በመልሱ መካከል ያለው ጊዜ ነው። የእኛ ውድድር ደግሞ የሚያሳድደው ይህንኑ ጊዜ ነው፤ ቀድሞ እጁን ያወጣ ይመልሳል፣ ሌላው ገና ማሰብ ሳይጀምር መልሱ ይነገረዋል።

ስለዚህ ለማኅበሩ የውድድር ኮሚቴ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ጥያቄው ከተነበበ በኋላ 15 ሰከንድ ማንም እጁን እንዳያወጣ፤ ሁሉም ቡድን መልሱን በወረቀት ይጻፍ። ሁለተኛ፣ መልሱ ቁጥር በሆነበት ካርድ ጀርባ ላይ ቁጥሩ ከየት እንደ ተገኘና በየትኛው ዓመት እንደ ተጻፈ ይመዝገብ፤ በምንጮች መካከል ልዩነት ካለም በመካከሉ ያለ መልስ ሁሉ ይቀበል። ይህ ቢደረግ ኖሮ 4,550ም 4,620ም ነጥብ ባገኙ ነበር። ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ ዙር አንድ ጥያቄ ተመርጦ «ይህ እንዴት ታወቀ?» ይባል፤ በደንብ ያስረዳ ቡድን ከመልሱ ጋር እኩል ነጥብ ያግኝ።

ይህ ዋጋ እንደሚያስከፍል እናውቃለን። በአንድ ምሽት 40 ጥያቄ የሚጠየቅ ከነበረ ወደ 20 ይወርዳል። ማስረዳትን መዳኘት ቁጥርን ከመዳኘት ይከብዳልና መሪው ብቻውን አይችለውም፤ ከጂኦግራፊ፣ ከታሪክና ከሳይንስ ክፍል አንድ አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ። ክርክርም ይበዛል። ነገር ግን ወደ ዩኒቨርሲቲ የመጣነው ክርክርን ለመሸሽ አይደለም። ደግሞም 20 ጥያቄ ጠይቆ ሦስቱን እስከ ሥራቸው ማየት፣ 40 መልስ ሰምቶ በማግስቱ አንዱን ካለማስታወስ ይሻላል።

የሚቀጥለው ዙር ከፈተና በኋላ እንደሚሆን ሰምተናል። ካርዶቹን የሚያዘጋጁት ወንድሞችና እኅቶች ከወዲሁ ሥራቸውን ሲጀምሩ፣ እያንዳንዱን ካርድ ገልብጠው ጀርባውን እንዲያዩልን እንለምናለን። ጀርባው ባዶ ከሆነ ያ ጥያቄ ገና ለአዳራሽ አልደረሰም።