ካርታውን ከመለጠፋችን በፊት ኢስናዱን እንጠይቅ

ይህ ጽሑፍ አንዳንዶቻችሁን ሊያስከፋ ይችላል። ነገር ግን በራሳችን ላይ ካልተናገርን ሌላው ሲናገርብን አፋችንን ይዘን እንቀራለን።

ሰሞኑን አንድ ካርታ ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው። የሸሪፍ አል-ኢድሪሲ የዓለም ካርታ ነው ተብሎ፣ ሥሩም «ሙስሊሙ ሊቅ ከ900 ዓመት በፊት የሳለው፤ ግዛታችን እስከ የት እንደነበር ተመልከቱ!» የሚል ጽሑፍ ተጨምሮበት ይታያል። ከዚያ በኩል ደግሞ መልስ ሰጪዎች ተነሱ። እነሱም ያንኑ ካርታ ለጥፈው «ኢፋት የት አለ? ሀርላ የት አለ? የራሳችሁ ሊቅ እንኳ አላወቃችሁም» ይላሉ። ከመግሪብ በኋላ ኪታብ የሚቀሩ ልጆቻችን ሳይቀሩ ስልኩን እያሳዩ ይከራከሩበታል። እኛ ግን እንላለን፦ ሁለቱም ወገን ካርታውን አላነበበውም። አንዱ የሌለበትን አነበበ፤ ሌላው ከዝምታው ፍርድ አወጣ።

በመድረሳ አንድ ቃል ስንሰማ መጀመሪያ የምንጠይቀው ማን ተናገረው፣ ከማን ሰማው፣ በማን በኩል ደረሰን ብለን ነው። መትኑን ከመመዘናችን በፊት ኢስናዱን እናያለን። ለንግግር ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ለሥዕል ሲሆን ለምን ዓይናችንን እንጨፍናለን? ካርታም እኮ የአንድ ሰው ንግግር ነው፤ በቀለምና በመስመር የተነገረ። እንግዲህ የዚህን ካርታ ኢስናድ ከእጃችን ካለው ስልክ ጀምረን ወደ ኋላ እንቁጠር።

መጀመሪያ፣ በስልካችሁ ያለው ምስል የአል-ኢድሪሲ እጅ ያረፈበት አይደለም። ፊደሉን ተመልከቱ። በብዛት የሚዞረው ምስል ስሞቹ በላቲን ፊደል የተጻፉበት ነው። ይህን ያዘጋጀው ኮንራድ ሚለር የሚባል ጀርመናዊ ሲሆን ጊዜውም በ1920ዎቹ ነው። አል-ኢድሪሲ በመጽሐፉ ውስጥ ያስቀመጠው አንድ ትልቅ ካርታ ሳይሆን 70 ቁርጥራጭ ካርታዎች ነው። ሚለር እነዚያን እርስ በርስ ገጣጥሞ አንድ ሰሌዳ አደረጋቸው። የዳር መስመሮቹ የማይገናኙበትን ቦታ እንዲገናኙ ያደረገው እሱ ነው። «የእኛው ግን በዐረብኛ የተጻፈ ነው» የምትሉም አትቸኩሉ። በ1951 ባግዳድ ላይ የታተመው የዐረብኛ ሰሌዳም የሚለርን ሥራ መሠረት ያደረገ ነው። ዐረብኛ መሆኑ ብቻ ጥንታዊ አያደርገውም።

በሰማያዊ ባሕር የተከበበችው ትንሿ ክብ ካርታስ? እሷ በአንዳንድ የመጽሐፉ ቅጂዎች መጀመሪያ ላይ ትገኛለች። ነገር ግን አል-ኢድሪሲ በጽሑፉ አንድም ጊዜ አይጠቅሳትም። ከዚህም በላይ፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን ግብፅ ውስጥ በተዘጋጀ ሌላ ኪታብ፣ ማለትም ከእሱ ሥራ 100 ዓመት ገደማ በፊት በተጻፈ፣ ይህችው ካርታ ተገኝታለች። የዚህ ኪታብ ቅጂ አሁን ኦክስፎርድ ይገኛል። ስለዚህ ክቧን ካርታ ለእሱ መስጠት ደካማ ንግግር ነው። የገልባጮች ጭማሪ መሆኗ ይበልጥ ያመዝናል።

ሁለተኛ፣ ከሚለር ጀርባ የእጅ ጽሑፎቹ አሉ። አል-ኢድሪሲ በገዛ እጁ የጻፈው አልተረፈም። በእድሜ ቀዳሚ ነው የሚባለው ፓሪስ ያለው ቅጂ ወደ 1300 ዓመተ ልደት ገደማ የተገለበጠ ነው። መጽሐፉ ያለቀው በ548 ዓመተ ሂጅራ፣ በ1154 ነው። በመካከሉ 150 ዓመት ገደማ አለ። ዐረብኛ የቀራችሁ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ባ፣ ታ፣ ኑንና ያ በቃል መሃል ሲገቡ የሚለዩት በነጥብ ብቻ ነው። በዐረፍተ ነገር ውስጥ ነጥብ ቢሳሳት ከሐሳቡ እናርመዋለን። ሰምተነው የማናውቅ የሩቅ አገር ከተማ ስም ላይ ነጥቡ ቢዘዋወር ግን በምን እናርማለን? አል-ኢድሪሲ ከሐበሻ ከተሞች ትልቋ ናት የሚላት ከተማ ስሟ ጁንበይታ ወይም ጂንበይታ ተብሎ ይነበባል፤ የት እንደነበረች ግን እስከ ዛሬ ስምምነት የለም። ዘይለዕን እናውቃታለን፤ ምክንያቱም ስሟ በሌሎች ብዙ መንገዶች ደርሶናል። አንዱን ስም የሚያጸናው ሌላ ምስክር እንጂ ካርታው ራሱ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ወደ ሰውዬው እንምጣ። አል-ኢድሪሲ የሠራው ፓሌርሞ፣ ሲሲሊ ደሴት ላይ ነው። ያሠራው ኸሊፋ አልነበረም፤ የኖርማኖች ክርስቲያን ንጉሥ ዳግማዊ ሮጀር ነው። ሲሲሊን ከሙስሊሞች እጅ የወሰዱት የዚህ ንጉሥ አባትና አጎት ሲሆኑ፣ እሱ ራሱ በ1148 ማህዲያን የያዘ ሰው ነው። መጽሐፉ በንጉሡ ስም «የሮጀር ኪታብ» እስከ መባል ደርሷል። ይህን የምንለው ሊቁን ለማሳነስ አይደለም። «ግዛታችን» እያላችሁ የምትለጥፉት ሥራ ግዛቱን ለማወቅ በፈለገ ሌላ ንጉሥ ትእዛዝና ገንዘብ እንደተሠራ እንድታውቁት ነው። የንጉሡ ፍላጎት ካርታው ላይ ይታያል። ሲሲሊንና ጣሊያንን የያዘውን ክፍል የሐበሻን ከያዘው ክፍል ጋር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጡ። እዚያ ስሙ ይጠባበቃል፤ እዚህ ስሙ ይሳሳል፣ መካከሉም ባዶ ነው። ባዶው ቦታ ሰው ያልነበረበት አይደለም፤ ለፓሌርሞ የሚናገር ሰው ያልተገኘለት ነው።

አራተኛ፣ እሱስ ከማን ሰማ? በመቅድሙ እንደሚነግረን ሥራው 15 ዓመት ያህል ወስዷል። መንገደኞች እየተጠሩ ይጠየቁ ነበር፤ ንግግራቸው የተስማማው ይያዛል፣ የተለያየው ይጣላል። ጥሩ መንገድ ነው፤ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ግን ፓሌርሞ ወደብ ላይ ስለ ሜዲትራኒያን የሚናገር 10 ሰው ሲገኝ፣ ስለ ሐበሻ ደጋ የሚናገር ስንት ይገኛል? ምስክር ባነሰበት ቦታ ወደ ቀደሙት ኪታቦች መሄድ ግድ ነበር። እሱም አልደበቀም፤ ኢብን ኹርዳዝቢህን፣ አል-መስዑዲን፣ ኢብን ሐውቀልንና ግሪካዊውን በጥሊሞስን ይጠቅሳል። የመጀመሪያው የ9ኛው፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ የ10ኛው፣ በጥሊሞስ ደግሞ የ2ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው። ስለዚህ በ1154 ካርታ ላይ ያለ ነገር ሁሉ የ1154 ዜና አይደለም። ለምሳሌ የዓባይ መነሻ ከጨረቃ ተራራ ወርደው ሐይቆች ውስጥ የሚገቡ ጅረቶች ሆኖ መሳሉ ከበጥሊሞስ የመጣ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ወደ ደቡብ እንደመውረድ ወደ ምሥራቅ ተዘርግቶ ከህንድ ትይዩ መሄዱም እንዲሁ። አንድ ካርታ ላይ የተለያየ ዘመን ንግግር ጎን ለጎን ተቀምጧል። የአንባቢው ሥራ የቱ ከየት እንደመጣ መለየት ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ተከራካሪዎች እንመለስ።

«ግዛታችንን ተመልከቱ» ላሉት ወንድሞች፦ አል-ኢድሪሲ ምድርን በ7 ኢቅሊም፣ እያንዳንዱን ኢቅሊም በ10 ክፍል ነው የከፈለው። 70 የሆነው በዚህ ነው። በምስሉ ላይ የምታዩት ቀጥ ያለ መስመር የክፍሎቹ ዳር እንጂ የመንግሥት ድንበር አይደለም። ቀለሙም ተራራን፣ ባሕርንና ወንዝን ለመለየት ነው። ሱልጣን የት ድረስ እንደገዛ፣ ሕዝቡ ምን እንደሚያምን ካርታው በመስመር አይለይም። በተጨማሪም ደቡብ ከላይ ነው። ምስሉን ሳትገለብጡ «ይኸው እኛ» ብላችሁ ጣታችሁን ያሳረፋችሁበት ቦታ ሌላ አገር እንዳይሆን ተጠንቀቁ።

«ኢፋት የት አለ» ላላችሁም፦ የኢፋት ሱልጣኔት የተነሳው በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በ1285 ነው። ካርታው ከዚያ 131 ዓመት ይቀድማል። ገና ያልተወለደን ልጅ በአያቱ ሠርግ መዝገብ ላይ ፈልጎ «የለም» ማለት ምን ይባላል? የሀርላ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ድሬዳዋ አጠገብ ሀርላ ላይ አርኪዮሎጂስቶች ቆፍረው የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ፣ የመስታወት ዶቃና ከሩቅ አገር የመጣ ሸክላ አግኝተዋል። ትግራይ ውስጥ ኩሓ አካባቢ ከ10ኛው እስከ 12ኛው ክፍለ ዘመን ያሉ በዐረብኛ የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። ይህ ሁሉ አል-ኢድሪሲ በሕይወት ሳለ ወይም ከእሱ በፊት የነበረ ነው። ከሩቅ ሆኖ የጻፈ ሰው ዝም ስላለ በምድሩ ውስጥ ያለው ድንጋይ አይጠፋም። የካርታ ዝምታ ማስረጃ የሚሆነው ሠሪው ቦታውን የማወቅ ዕድልና የመጻፍ ምክንያት እንደነበረው ስናረጋግጥ ብቻ ነው። ስለ ሲሲሊ ዝም ቢል ኖሮ እንጠይቀው ነበር። ስለ ደጋው ሐበሻ ዝም ማለቱ ግን የሚነግረን የዜናው መንገድ በባሕር ዳር ያልፍ እንደነበር ነው።

አንዳንዶች «እናንተ ሊቆቻችንን ታሳንሳላችሁ፤ ጠላትን ደስ ታሰኛላችሁ» ይሉናል። እኛ ግን ተቃራኒውን እናያለን። አል-ኢድሪሲ ከማን እንደወሰደ በመቅድሙ የተናገረ ሰው ነው። ያላለውን እንዳለ አድርጎ የሚያስተላልፍ ሰው ነው የሚያሳንሰው። ጠላት የሚደሰተውም እኛ ካርታውን ስንመረምር ሳይሆን፣ የጀርመኑን ሰሌዳ «የ1154 ኦሪጂናል» ብለን ለጥፈን አንድ የሚያውቅ ሰው ሲያጋልጠን ነው። ያን ቀን ውሸቱ ብቻውን አይወድቅም። የኩሓን ድንጋይና የሀርላን መስጊድ ስናነሳም «እነዚያው ናቸው» ተብለን እንታለፋለን። የልጆቻችን እውነተኛ ታሪክ በሐሰተኛ ምስል ዕዳ ይያዝብናል።

ስለዚህ ነገ ሌላ ካርታ ስልካችሁ ላይ ሲገባ፣ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ፊደሉን እዩ፣ ቅጂው የማን እንደሆነ ጠይቁ፣ ሠሪው ቦታውን ረግጦት ነበር ወይስ ሰምቶ ነው የጻፈው በሉ። መልሱን ካላገኛችሁ ዝም በሉ። ከዝምታችን የሚጠየቅ የለም፤ ከለጠፍነው ግን እንጠየቃለን።

ወላሁ አዕለም።