ጥቅሏ ሽቦና የሞተሯ ምስል፦ ሁለት መብራት፣ ሁለት መልእክት

የዛሬው ጽሑፋችን መነሻ አንድ ወዳጃችን ነው። በሲያትል ታክሲ ሲነዳ ብዙ ዓመት ኖሯል፤ የነዳቸው ሁሉ ግን የቤንዚን መኪናዎች ነበሩ። በቅርቡ «ነዳጅ ትቆጥብልኛለች» ብሎ ከጀርመን ፋብሪካ የወጣች ያገለገለች የናፍጣ መኪና ገዛ። አንድ ቀዝቃዛ ማለዳ ከሬኒየር አቬኑ ተነሥቶ በአይ-5 ወደ መሐል ከተማ ሲጓዝ፣ ዳሽቦርዱ ላይ እንደ ጥቅል ሽቦ የተሣለችው ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። «ብርድ ነው፣ ሞተሩ መሞቅ ፈልጎ ይሆናል» ብሎ ተዋት። «ቼክ ኢንጅን» የምትባለው የሞተር ምስል ስላልበራች ምንም ሥጋት አልገባውም።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ላይ ያገኘው የሥራ ባልደረባው፣ «አንተ፣ ጠዋት ከኋላህ ነበርኩ እኮ። ፍሬን ስትይዝ አንድም መብራት አይበራልህም። ለጥቂት ነው ያልገጨሁህ» አለው። ጥቅሏ ሽቦ ሦስት ቀን ሙሉ ስትነግረው የነበረው ይህንኑ ነበር።

ነገሩ እንዲገባን ከመሠረቱ እንጀምር። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቀጣጥለው በካንዴላ ብልጭታ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ብልጭታ የለውም። ፒስተኑ አየሩን ወደ ሃያ እጥፍ ገደማ ያምቀዋል፤ የታመቀው አየር እጅግ ይግላል፤ ናፍጣው በዚያ ላይ ሲረጭ በራሱ ይነዳል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ባደረ ጊዜ ግን ብረቱ የአየሩን ሙቀት እየሳበ ይወስድበታል፤ ናፍጣውም አልነሣ ይላል። ስለዚህ በየሲሊንደሩ አንዳንድ ማሞቂያ ካንዴላ ተተክሏል፤ እዚህ አገር «ግሎው ፕለግ» ይሉታል። ከባትሪ ኃይል ወስዶ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ፍም ይመስላል። አገር ቤት ላንድክሩዘር ወይም አይሱዙ ነድቶ በደብረ ብርሃን ብርድ ያደረ ሰው ይህን ልማድ ያስታውሰዋል፤ ቁልፉን አንድ እርምጃ አዙሮ፣ ትንሽ ጠብቆ፣ ከዚያ ነው ሞተሪኖውን የሚያዞረው።

ጥቅሏ ሽቦ የምትበራው ለዚህ ጥበቃ ነው። ቁልፉን ስታዞሩ ትበራለች፤ ስትጠፋ «አሁን አስነሣ» ማለቷ ነው። በሲያትል ብርድ ጥበቃው የጥቂት ሴኮንድ ጉዳይ ነው። ሞተሩ ሞቆ ከሆነ ወዲያው ትጠፋለች፤ ይህ ብልሽት አይደለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በአብዛኞቹ የቆዩ መኪናዎች ይህች መብራት እንደ ሰዓት ቆጣሪ ናት እንጂ እንደ ቴርሞሜትር አይደለችም። የሞተሩን ውኃ ሙቀት አይታ ጊዜ ትቆጥራለች እንጂ ማሞቂያዎቹ በእርግጥ መጋላቸውን አትለካም። ከአራቱ ሁለቱ ቢቃጠሉም እንደ ወትሮዋ በርታ ትጠፋለች። የተቃጠሉ መሆናቸውን የምታውቁት በሌላ ምልክት ነው። መኪናዋ ጠዋት ብቻ በመከራ ትነሣለች፤ ከተነሣች በኋላ ለአንድ አፍታ ትንቀጠቀጣለች፤ ነጭ ወይም ግራጫ ጭስ ታወጣለች፤ ሲሞቃት ጤነኛ ትሆናለች። መካኒኩ ሽቦዎቹን ነቅሎ እያንዳንዱን በኦም ሜትር ይለካል። ደህናው ከአንድ ኦም የማይርቅ ትንሽ ቁጥር ያሳያል፤ የተቃጠለው ኤሌክትሪክ ጨርሶ አያሳልፍም። ሁሉም ደህና ከሆኑ ጥፋቱ ከፊውዙ ወይም ከሪሌዩ ሊሆን ይችላል።

መኪናዋ አልነሣ ስላለች ብቻ ግን «ኢተር» የሚባለውን ማስነሻ ጋዝ በአየር መሳቢያው እንዳትረጩ። ጋዙ የጋለ ማሞቂያ ሲያገኝ ፒስተኑ ጊዜውን ሳይጠብቅ ይፈነዳል፤ ሞተር ሊሰብር፣ ሰውም ሊያቆስል ይችላል።

«ቼክ ኢንጅን» ሌላ ናት። እርሷ የኮምፒዩተሩ አፍ ናት። ከጭስ ጋር የተያያዘ ጉድለት ሲያይ ኮምፒዩተሩ የኮድ ቁጥር መዝግቦ ያበራታል። ሳትቆራረጥ ብትበራና መኪናዋ ደህና ብትሄድ ቀጠሮ ይዞ ማስመርመር ይበቃል። በቤንዚን መኪና ላይ ብልጭ ድርግም ካለች ግን ነዳጁ በሲሊንደሩ በደንብ አልነደደም፣ የጭስ ማጣሪያውም እየተጎዳ ነው ማለት ነው፤ ቀስ ብሎ ወጥቶ መቆም ይሻላል። ሁለቱ መብራቶች አንዳንዴ ይገናኛሉ። በአዳዲስ ናፍጣዎች ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን ማሞቂያ ስለሚከታተል፣ አንዱ ሲቃጠል «ቼክ ኢንጅን» ትበራለች። ለምሳሌ P0671 የሚለው ኮድ የአንደኛውን ሲሊንደር ማሞቂያ መሥመር ያመለክታል።

የወዳጃችን ነገር ከሁለቱም ይለያል። እንደ ቮልስዋገን ባሉ አንዳንድ የናፍጣ መኪናዎች ፋብሪካው ለጥቅሏ ሽቦ ሁለት ሥራ ሰጥቷታል። ከመነሣት በፊት ሳትቆራረጥ ስትበራ «ጠብቅ» ማለት ነው። በጉዞ ላይ ብልጭ ድርግም ስትል ግን ከማሞቅ ጋር ጉዳይ የላትም፤ «የሞተሩ መቆጣጠሪያ ላይ ብልሽት አለ» ማለቷ ነው። ከተለመዱት ምክንያቶች አንዱ ከፍሬን ፔዳሉ በላይ ያለችው ትንሽ ማብሪያ ናት። በውስጧ ሁለት መገናኛ አላት፤ አንዱ የኋላውን የፍሬን መብራት ያበራል፣ ሌላው ፍሬን መረገጡን ለኮምፒዩተሩ ይነግራል። ሁለቱ ካልተስማሙ ኮምፒዩተሩ ይጠረጥርና ጥቅሏን ሽቦ ያርገበግባታል። ጉድለቱ የጭስ ስላልሆነ «ቼክ ኢንጅን» ዝም ልትል ትችላለች።

ወዳጃችን በዚያው ዕለት መኪናዋን ጀርባዋን ወደ ግድግዳ አዙሮ አቆመና ፍሬን ረገጠ። ግድግዳው ላይ ቀይ ብርሃን አላየም። አንድ ጓደኛው በርካሽ የኮድ ማንበቢያ ሞከረለት፤ ምንም አላገኘም። እንዲህ ያለው መሣሪያ ብዙውን ጊዜ የጭስ ኮዶችን ብቻ ያነባልና። የዚያን ፋብሪካ መኪና የሚያውቅ ማንበቢያ ያለው መካኒክ ሲመረምረው P0571 ወጣ፤ ይህ የፍሬን ማብሪያው ኮድ ነው። ማብሪያዋ ተለወጠች፤ መብራቱም ድርግምታውን ተወ። የዕቃው ዋጋ ትንሽ ነበር። በዝናብ፣ በአይ-5 ላይ፣ ከኋላ ቢመቱት ኖሮ ግን ዋጋው ሌላ ይሆን ነበር።

አንድ ነገር እንጨምር። ቀድሞ በኪንግ ካውንቲ የቆዩ መኪናዎች ታርጋ ሲያሳድሱ የጭስ ምርመራ ያልፉ ስለነበር፣ «ቼክ ኢንጅን» የበራችበት ሰው ወደደም ጠላም ያሠራት ነበር። ያ ምርመራ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2020 ጀምሮ ቀርቷል። ዛሬ መብራቱን የሚያየው ባለመኪናው ብቻ ነው።

እንግዲህ የናፍጣ መኪና የገዛችሁ ወገኖች፣ ዛሬ ማታ መመሪያውን አውጥታችሁ የጥቅሏን ሽቦ ገጽ ፈልጉ። ድርግም ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ በየፋብሪካው ይለያያል። ከዚያም ወደ ግድግዳ ጠጋ ብላችሁ ፍሬናችሁን ርገጡና ቀዩን ብርሃን ተመልከቱ።