ማባዛቱ ልክ ነው፤ የተባዛው ቁጥር ነው የተሳሳተው

ዛሬ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልጽፍ ነው። ዕቃ ከውጭ የምታስመጡ ልጆች እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ጉንደ ወይን ሒሳብ ሳስተምር ከነበሩኝ ተማሪዎች አንዱ ዛሬ ነጋዴ ነው። ሰሞኑን ማታ ደወለልኝ። «ቲቸር፣ የመጀመሪያ ዕቃዬ ገብቷል፤ ነገ ቀረጥ ልከፍል ነው። ከአማቼ ሁሉ ተበድሬያለሁ። ግን በዛብኝ። ስሌቱን በካልኩሌተር ሦስት ጊዜ ፈተሽኩት፣ ሳንቲም አልሳተም» አለኝ። «እስኪ ወረቀቱን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ» አልኩት።

ልጁ እውነቱን ነበር፤ ማባዛቱ አንድም ስሕተት የለበትም። ግን ዕዳው ከሚገባው በላይ ነበር። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ? እሱን ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ ስሌቱ እንዴት እንደሚቆም እንይ። መሠረቱ ሲአይኤፍ የሚባለው ነው፦ የዕቃው ዋጋ፣ ሲደመር የማጓጓዣው፣ ሲደመር የኢንሹራንሱ። ሌላው ሁሉ እሱ ላይ እንደ ፎቅ ይነባበራል። የጉምሩክ ቀረጡ የሚሰላው በሲአይኤፍ ላይ ነው። ኤክሳይስ ያለበት ዕቃ ከሆነ እሱ ይከተላል። ቫት 15 በመቶ የሚሰላው በሲአይኤፍ ብቻ ሳይሆን ቀረጡና ኤክሳይሱ ከተደመሩ በኋላ ነው። ሱር ታክስ 10 በመቶ ደግሞ ቫቱም ከተደመረበት በኋላ ይመጣል። ዊዝሆልዲንግ 3 በመቶና ሶሻል ዌልፌር የሚባለው 3 በመቶ ግን ወደ መሠረቱ ተመልሰው በሲአይኤፍ ላይ ብቻ ይሰላሉ።

የልጁ ዕቃ ኤክሳይስ የለበትም፤ ቀረጡ 20 በመቶ ነው። (የዕቃውን ዓይነት ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ምጣኔው በታሪፍ ቁጥሩ ነው የሚወሰነው፤ ከሱር ታክስ ነፃ የሆኑ ዕቃዎችም አሉ። የናንተን ከታሪፍ መጽሐፉ እዩ።) ብዙ ሰው 20፣ 15፣ 10፣ 3 እና 3ን ደምሮ «51 በመቶ ነው» ይላል። አይደለም። ስለሚነባበር 57.8 በመቶ ይደርሳል። በ100 ብር ሞክሩት፦ ቀረጥ 20 ብር፣ ቫት የ120 ብር 15 በመቶ 18 ብር፣ ሱር ታክስ የ138 ብር 10 በመቶ 13.80፣ ከዚያ 3 እና 3። ድምሩ 57.80።

የልጁን ጠቅላላ ዕዳ ለሲአይኤፉ አካፈልኩት። 0.578 ሰጠኝ። እንግዲህ ምጣኔው ልክ ነው፣ ቅደም ተከተሉም ልክ ነው። ካልኩሌተር የሚነግረን እዚህ ድረስ ነው። መሠረቱ ራሱ የተሳሳተ ከሆነ ካልኩሌተር ምን ያውቃል?

«አሁን ኢንቮይሱን ላክልኝ» አልኩት።

ኢንቮይሱ ላይ የዕቃው ዋጋ 8,000 ዶላር፣ ማጓጓዣ 1,000 ዶላር፣ ጠቅላላ 9,000 ዶላር ይላል። ከጠቅላላው አጠገብ ሲኤፍአር የሚሉ ሦስት ፊደሎች አሉ። ነገሩ ያለው እነሱ ውስጥ ነው። ሲኤፍአር ማለት ማጓጓዣው ዋጋው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ኤፍኦቢ ቢሆን ኖሮ አልገባም፤ ለብቻው ይደመራል ማለት ነበር። ኢንሹራንሱን እዚሁ አገር ገዝቷል፤ 100 ዶላር። ስለዚህ ሲአይኤፉ 9,100 ዶላር መሆን ነበረበት። ዲክላራሲዮኑ ላይ ግን የዕቃ ዋጋ 9,000፣ ማጓጓዣ 1,000፣ ኢንሹራንስ 100 ተብሎ 10,100 ዶላር ሆኗል። አንዱ ማጓጓዣ ሁለት ጊዜ ተቆጠረ። ትራንዚተሩ ክፋት ያሰበ አይመስለኝም፤ ጠቅላላውን አይቶ የዕቃ ዋጋ ቦታ ላይ ጻፈው፣ አለቀ።

ዲክላራሲዮኑ ላይ ዶላሩ 150 ብር ነው የተያዘው። ስለዚህ 1,000 ዶላሩ መሠረቱን 150,000 ብር ከፍ አድርጎታል። በላዩ የተነባበረው ይኸውላችሁ፦

ቀረጥ፦ 30,000 ብር
ቫት፦ 27,000 ብር
ሱር ታክስ፦ 20,700 ብር
ዊዝሆልዲንግ፦ 4,500 ብር
ሶሻል ዌልፌር፦ 4,500 ብር
ድምር፦ 86,700 ብር

875,670 ብር ሊከፍል የነበረው ልጅ ትክክለኛ ዕዳው 788,970 ብር ነው።

«ቫቱ ይካካሳል፣ ዊዝሆልዲንጉም ከዓመቱ የትርፍ ግብር ላይ ይታሰባል» የሚል አይጠፋም። ለቫት ተመዝጋቢ እውነት ነው። የቀረው 55,200 ብር ግን አይመለስም፤ ዕቃው ዋጋ ላይ ይገባል። የሚከፍለው ማነው? ቅዳሜ ገበያ ወጥቶ የሚገዛው ገበሬ ነው። ደግሞ ስሕተቱ ዱሮ እንዲህ አይጎዳም ነበር። ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ በፊት ዶላር 57 ብር ግድም ነበር፤ ያው 1,000 ዶላር መሠረቱን ከፍ የሚያደርገው በ57,000 ብር ገደማ ነበር። ዛሬ በአንዲት መስመር ላይ መሳሳት ሱቅ ያዘጋል።

ማጓጓዣን በተመለከተ ሌላም ወጥመድ አለ። ሲአይኤፍ ውስጥ የሚገባው ዕቃው ኢትዮጵያ የጉምሩክ ክልል እስከሚገባ ድረስ ያለው ወጪ ነው። ከገባ በኋላ ያለው የአገር ውስጥ ኪራይ ተለይቶ እስከታየ ድረስ አይደመርም። ዕቃው ዓባይን ተሻግሮ፣ በደጀንና በቢቸና አድርጎ ጉንደ ወይን እስኪደርስ የምትከፍሉት የመኪና ኪራይ የናንተ ወጪ ነው እንጂ ቀረጥ የሚከፈልበት ዋጋ አይደለም። አጓጓዡ ሁሉንም ጠቅልሎ በአንድ ቁጥር ደረሰኝ ከሰጣችሁ ግን ማን ይለይላችኋል? ከመጀመሪያው ተለይቶ እንዲጻፍ ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታ። ይህን የምጽፈው ዋጋ አሳንሳችሁ እንድታስመዘግቡ አይደለም። 8,000 የገዛውን 5,000 የሚል ሰው ስሌት እየፈተሸ አይደለም፤ እየዋሸ ነው። ጉምሩክም የቀረበለትን ዋጋ ካላመነ ወደ ሌሎች የዋጋ መተመኛ ዘዴዎች፣ ለምሳሌ ተመሳሳይ ዕቃ ወደገባበት ዋጋ፣ የመሄድ ሥልጣን በሕግ አለው። ያን ጊዜ የሚያድናችሁ እውነተኛ ኢንቮይስና በባንክ የተከፈለበት ማስረጃ ብቻ ነው። ዋጋው ከፍ ተደርጎባችሁ ከሆነ ደግሞ በየትኛው ዘዴና ለምን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።

የኔ አቋም ይህ ነው። ትራንዚተር «ይህን ያህል ክፈል» ብሎ የመጨረሻውን ድምር ብቻ የሚናገርበት ልማድ ይቅር። ባለዕቃው ዲክላራሲዮኑን፣ ኢንቮይሱን፣ የማጓጓዣና የኢንሹራንስ ደረሰኙን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግቶ፣ ከመክፈሉ በፊት ከላይ ያሉትን ቁጥሮች ይይ፦ የዕቃ ዋጋ፣ ማጓጓዣ፣ ኢንሹራንስ፣ የምንዛሬው ተመን። ከዋጋው አጠገብ ያሉትን ሦስት ፊደሎችም ያንብብ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ከከፈሉ በኋላ ይመለስልኝ ማለት ግን ማመልከቻና ደጅ ጥናት ነው።

ልጁ በማግስቱ ባንክ ሳይሆን ትራንዚተሩ ጋ ሄደ። ተስተካከለ። ማታ ደውሎ «ቲቸር፣ ክፍል ውስጥ መልሱን ብቻ ሳይሆን ጥያቄውን ደግማችሁ አንብቡ ትሉን ነበር» አለኝ። ማለቴን እኔ ረስቼዋለሁ፤ እሱ ግን ይዞት ኖሯል።

ዕቃ የሚያስመጣ ዘመድ ያላችሁ ይህን አሳዩት። የራሳችሁ ስሌት ካልገባችሁ ስማችሁንና የታክስ መለያ ቁጥራችሁን ሸፍናችሁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፤ አብረን እናየዋለን።