አታጥፉት፣ ፍቱት!

የኢሜይል ፕሮግራሙ ሳይፈታው ሲቀር ርዕሱ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል፦

```
=?UTF-8?Q?=E1=88=B0=E1=88=8B=E1=88=9D?=
```

አንዳንዱ ተማሪ «ቫይረስ ነው» ብሎ ሳይከፍት ያጠፋዋል። እንዴ! ጋዜጠኛ ሆኖ ጥቆማ ይጣላል? ጽሑፉ እኮ «ሰላም» ነው የሚለው። የኢሜይል ርዕስ ድሮ የሚሸከመው ተራ የላቲን ፊደል ብቻ ስለነበር ሌላው በኮድ ተጠቅልሎ ይላካል። UTF-8 የፊደሉን ሥርዓት፣ Q ደግሞ አጠቃለሉን ይነግረናል። አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፤ ከእያንዳንዱ ባይት በፊት የእኩል ምልክት አለ። ስለዚህ =E1=88=B0 «ሰ»፣ =E1=88=8B «ላ»፣ =E1=88=9D «ም» ናቸው።

በQ ፋንታ B ካለ ያው ቃል 4Yiw4YiL4Yid ይሆናል። በ4Y የሚጀምር ከሆነ አማርኛ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። እኔ ለአማርኛ B ይሻላል ባይ ነኝ። አንዱን ፊደል Q በ9 ምልክት፣ B ግን በ4 ይጽፈዋል። አንድ ጥቅል ከ75 ምልክት መብለጥ ስለማይፈቀድለት በQ የሚገባው 7 ፊደል ብቻ ነው።

ረጅም ርዕስ እንግዲህ ተከፋፍሎ ይመጣል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ ፕሮግራም ደንቡን ጥሶ አንዱን ፊደል መሃሉ ላይ ይቆርጠዋል። ጥቅሎቹን ለየብቻ ከፈታችሁ መጋጠሚያው ላይ ጥቁር አልማዝ ውስጥ የተቀመጠ የጥያቄ ምልክት ይወጣል። መጀመሪያ የሁለቱን ባይቶች አገናኙ፣ ከዚያ ወደ ፊደል ቀይሩ፤ የተቆረጠው ይገጥማል።

በጥሬው መልእክት ውስጥም ያለው «????» ብቻ ከሆነ ግን አትድከሙ። ፊደሉ መንገድ ላይ ጠፍቷል፤ ላኪውን «እባክህ ድገምልን» ከማለት ሌላ መላ የለውም።