ለሄደ ተከራይ ወረቀት መጻፍ ዋስ መሆን አይደለም!

(ከጂንካ)

በአገራችን ቤት ፈላጊ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ኪራይ በጊዜው ትከፍላለህ ወይ?» ተብሎ አይደለም። «የየት አገር ሰው ነህ? ማን ያውቅሃል? ዋስ አለህ?» ነው። ሰውየው ለዓመታት አንድም ቀን ሳያጓድል የከፈለ ቢሆን ማን አይቶለት! የከፈለበት ቤት እዚያው ቀርቷል። ምስክሩ አከራይም እዚያው ቀርቷል። አዲሱ አከራይ በእጁ ያለው የተከራዩ ፊትና የትውልድ ቦታው ብቻ ስለሆነ፣ በዚያው ይፈርዳል።

ይህ ነገር ጂንካ ላይ ይብሳል። ደቡብ ኦሞ ብዙ ብሔረሰቦች የሚኖሩበት አገር ነው። በዚያ ላይ መምህሩ፣ ነርሱ፣ የባንክ ሠራተኛው በዝውውር ይመጣል፤ በዝውውር ይሄዳል። የአሪው ልጅ አዲስ አበባ ሄዶ ቤት ሲፈልግ፣ የጎንደሩ ልጅ ጂንካ መጥቶ ሲፈልግ፣ ሁለቱም ከደላላው አፍ ሌላ አፍ የላቸውም። ደላላ ደግሞ ኮሚሽኑን ካገኘ ሌባውንም «የሰው ልክ» ይለዋል።

«መሸኛ አለ አይደለም እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አለ። ግን ለመሆኑ መሸኛው ምን ይላል? እገሌ በዚህ ቀበሌ ነዋሪ ነበር፣ መታወቂያውን መልሷል፣ በሄደበት ይመዝገብ ይላል። ኪራይ ስለመክፈሉ፣ የመብራት ዕዳ ስላለመተዉ አንዲት ቃል የለበትም። ሊኖርበትም አይችልም፤ ቀበሌው ከእኔ ግቢ አልኖረምና። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 እንኳ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይብለጥ ብሎ ደነገገ እንጂ፣ በደህና ኖሮ ስለሄደ ሰው የሚመሰክረው ማን እንደሆነ አልነገረንም። የሚያውቀው አከራዩ ነው። መጻፍ ያለበትም እሱ ነው።

እኔ በጂንካ ከግቢዬ ሁለት ክፍል አከራያለሁ። በ2017 ዓ.ም. አንድ መምህር ወደ አርባ ምንጭ ተዛወረና «ጋሼ፣ አንድ ወረቀት ቢጽፉልኝ» አለኝ። አርባ ምንጭ ያገኘው ቤት ባለቤት ዋስ ወይም የ6 ወር ቅድሚያ ጠይቀውታል። በወር ደመወዝ የሚያድር ሰው የ6 ወር ኪራይ ከየት ያመጣል? ጎረቤቶቼ «ተው፣ እጅህን አታስገባ፣ ነገ ቢጠፋ አንተ ትከፍላለህ» አሉኝ። እኔ ግን ጻፍኩ። ይኸው ቃሉ፤ ስሙን ትቼዋለሁ።

«ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.። ለሚመለከተው ሁሉ። አቶ እገሌ ከመስከረም 1 ቀን 2014 ጀምሮ በጂንካ ከተማ በሚገኘው ግቢዬ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተው ኖረዋል። ኪራዩ በመጀመሪያ በወር 2,200 ብር፣ ከመስከረም 2016 ጀምሮ 2,800 ብር ነው። የያዝነውን ጥር ጨምሮ የ41 ወር ኪራይ በባንክ ከፍለዋል። በሰኔ 2015 ብቻ 9 ቀን ዘግይተዋል፤ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። የመብራትና የውሃ ድርሻቸውን እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ከፍለዋል። ከጎረቤት ክስ አልመጣብኝም። የሚለቁት በሥራ ዝውውር ሲሆን፣ ኅዳር 30 ቀን አስታውቀውኛል። ይህ የማውቀውን ለመግለጽ እንጂ ዋስትና አይደለም።» ከዚያ ስሜ፣ ስልኬ፣ ፊርማዬ።

አንባቢ ሆይ፣ «ጨዋ፣ ታማኝ፣ ምስጉን» የሚል ቃል ፈልጉበት፤ የለም። ምስጋና የማይጣራ ነገር ነው። 41 ወር ግን ይጣራል፤ የባንኩን ደረሰኝ አምጣ ማለት ይቻላል። የ9 ቀኗንም መዘግየት ያስገባሁት ለክፋት አይደለም። እንዲያውም እንከን የሌለው ወረቀት ነው የሚያጠራጥረው። ብሔሩን፣ ሃይማኖቱን፣ የሚስቱን ነገር አልጻፍኩም፤ ኪራይ የሚከፍለው ደመወዙ እንጂ ዘሩ አይደለም።

ወረቀቱ የተጻፈው ሰውየው ገና ከቤቴ ሳይወጣ መሆኑንም ልብ በሉ። አዲስ ቤት የሚፈለገው ከመልቀቅ በፊት ነውና ቁልፍ እስኪመለስ ብጠብቅ ኖሮ ወረቀቱ ሥራ ፈት ይሆን ነበር። የቀረውን ጥር 30 ቀን ቁልፉን ሲያስረክበኝ ከወረቀቱ ጀርባ ሞላሁት፤ «የጥር መብራትና ውሃ ተከፍሏል፣ ቤቱን በደህና ተረክቤያለሁ» ብዬ ፈረምኩ። በአንድ ቆጣሪ ለሦስት አባወራ በሚኖርበት ግቢ፣ ከሄደ ሰው ጋር የሚያጣላው ይህች የመጨረሻ ወር የመብራት ሒሳብ ናት።

አሁን ወደ ጎረቤቶቼ ፍርሃት ልምጣ። ዋስትና እንዲህ እንደ ጉንፋን ዝም ብሎ አይጋባም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1922 ዋስትና በግልጽ ካልተሰጠ አይገመትም ይላል፤ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ ልክ ካልተጻፈም አይጸናም። እኔ የጻፍኩት ያለፈውን ነው፤ ስለ ነገው ቃል አልገባሁም። «ማንኛውንም ኃላፊነት እወስዳለሁ» የምትለውን የአራዳ ማሳመሪያ ግን ከወረቀታችሁ አውጧት። እያወቁ መዋሸት ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በውሸት ወረቀት ሰው የጎዳ ሰው ካሣ ቢጠየቅ አይገርምም።

ውሸታም ወረቀት አይኖርም ወይ? ሞልቷል! አስቸጋሪ ተከራይ ያለበት አከራይ እንዲሄድለት ቅቤ ቀብቶ ይጽፍለታል። አንዳንዱ ተከራይ ደግሞ የአጎቱን ልጅ ስልክ «የአከራዬ ስልክ» ብሎ ያስገባል። ስለዚህ ወረቀት የተቀበለ ሰው ይደውል፤ ሲደውልም በወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ይጠይቅ። ቆጣሪው የት ነው የተሰቀለው? በግቢው ስንት ሰው ይኖራል? ይህን ተከራዩንም ለብቻው ይጠይቀውና ያስተያይ። ካልጣመው ከዚያ በፊት የነበረውን አከራይ ያፈላልግ። ያ ሰው ተከራዩ ከሄደለት ቆይቷልና የሚዋሽበት ምክንያት የለውም።

የአርባ ምንጯ እመቤት ይህን ሳይነግሯቸው ያውቁታል። ደወሉልኝ። የጠየቁኝ ሦስት ነገር ነው፦ መብራቱን እንዴት ትካፈሉ ነበር፣ ማታ የሚገባው ስንት ሰዓት ነው፣ ደግሞስ ነገ ተመልሶ ቢመጣ ታከራየዋለህ? ለመጀመሪያው በአምፖል ቁጥር አልኩ፤ ለሁለተኛው ሰዓት አልቆጠርኩበትም፣ በሩን ያንኳኳበትን ሌሊት ግን አላስታውስም አልኩ። ለሦስተኛው አዎ አልኩ። ዋሱን ተዉለት፤ ቅድሚያውንም ወደ 2 ወር አወረዱለት። የየት አገር ሰው እንደሆነ አልጠየቁኝም።

በዚህች ከተማ ይህን ወረቀት ተለምኖ የማይሰጥ አከራይ ብዙ ነው። ከፊሉ ከፍርሃት ነው፤ እሱን ተነጋግረናል። ከፊሉ ግን ጥሩ ከፋይ እንዳይሄድበት ብሎ ነው። ይህኛውን ምን እንበለው? 41 ወር ኪራይ ተቀብሎ፣ ተቀበልኩ ብሎ መጻፍ የከበደው ሰው ዕዳ ያለበት ማን ነው? ተከራዩ ነው ወይስ እሱ?