«በሞቴ» የማይባልበት እምቢታ

የማላውቀው ሰው በፌስቡክ የወዳጅነት ጥያቄ ልኮ «እንተዋወቅ» ብሎ ሲጽፍልኝ፣ በእንግሊዝኛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፌ እመልሳለሁ። ጓደኞቼ «ምን አደከመሽ? ዝም ብለሽ ሰርዢው» ይሉኛል። እውነት ነው፣ ጥያቄው ሲሰረዝ ፌስቡክ ለላኪው አይነግረውም። ግን እዚህ ኦሮራ ውስጥ «የማላውቀው» የምንለው ሰው ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ባዳ አይደለም። አሥራ አራት የጋራ ወዳጆች አሉን፤ አንዷ አክስቴ ናት፣ ሌላው እናቴ ጋር ዕቁብ የሚጥል ሰው ነው። ለመልእክቱ ዝም ካልኩ እሑድ ቀን «የእገሌ ልጅ ኮራች» የሚለው ወሬ ቤታችን ይደርሳል።

ታዲያ ለምን በአማርኛ አልመልስም? የመጀመሪያው ችግር አንተ፣ አንቺና እርስዎ ነው። የገጹ ፎቶ አበባ ወይም ባንዲራ ከሆነ ወንድ ይሁን ሴት፣ ታላቅ ይሁን ታናሽ አላውቅም። የአባቴን እኩያ «ስለላክህልኝ» ማለት ድፍረት ነው፤ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅን «ስለላኩልኝ» ማለት ደግሞ ፌዝ ይመስላል። የእንግሊዝኛው «ዩ» ይህን ሁሉ ያልፈዋል።

ሁለተኛው ችግር ይበልጣል። በእኛ ቤት የመጀመሪያው «አይ፣ ይበቃኛል» እምቢታ አይደለም፣ ጨዋነት ነው። ባለቤቲቱ «በሞቴ» ትላለች፣ እንግዳው ሦስተኛው ላይ ይጎርሳል። በአማርኛ «ይቅርታ ወንድሜ፣ አሁን አይመቸኝም» ብዬ ብጽፍም እንዲሁ ነው። «ወንድሜ» ዘመድ አደረገው፣ «አሁን» ደግሞ ነገ እንዲሞክር ጋበዘው። እንግሊዝኛው ግን ከዚያ ማዕድ ውጪ ነው፤ አንዴ ከተባለ አለቀ።

የምጽፈው ይህን ነው፦ «ሰላም፣ ታንክ ዩ ፎር ዘ ሪኩዌስት። አይ ኪፕ ዚስ አካውንት ፎር ፋሚሊ ኤንድ ፒፕል አይ ኖው ኢን ፐርሰን፣ ሶ አይ ዎንት ቢ አክሴፕቲንግ፣ ባት አይ ዊሽ ዩ ዌል።» ስለ ጥያቄው አመሰገንኩ፤ ገጹ ለቤተሰብና በአካል ለማውቃቸው ብቻ ስለሆነ እንደማልቀበል ነገርኩ፤ መልካም ተመኘሁ። «ሰላም»ን በአማርኛ የተውኳት «ቋንቋዋን ረሳች» እንዳልባል ነው።

በነርስነት ትምህርት ወሰን ስናበጅ ስለ ሰውየው ሳይሆን ስለ ደንቡ እንድንናገር እንማራለን። እዚህም የተናገርኩት ስለ ገጼ ደንብ ነው። ሰውየው መጥፎ ነው አላልኩም፣ ስለዚህ የሚከራከርበት ነገር የለም። «ቢዚ ነኝ» ብል ኖሮ «መቼ ይመችሻል?» ይለኝ ነበር። «ቦይፍሬንድ አለኝ» ብል ደግሞ በአንድ ሳምንት ውስጥ እናቴ ጆሮ ይገባል። «ራይት ናው» የሚሉትን ቃልም አልጨምርም፤ የአማርኛው «አሁን» ታናሽ ወንድም ነው።

ከዚያ በኋላ የሚደረገው ነገር ከጽሑፉ እኩል ያስፈልጋል። ሜሴንጀር ላይ ለማናውቀው ሰው ስንመልስ፣ መልእክቱ ከጥያቄዎች ሳጥን ወጥቶ ወደ ዋናው ሳጥን ይገባል። ስለዚህ መልሱን እንደላክሁ Restrict የሚለውን እጫናለሁ። ከዚያ ወዲያ የሚጽፈው ተመልሶ ወደ ጥያቄዎች ሳጥን ይሄዳል፤ እኔም ማንበቤንና መስመር ላይ መሆኔን አያይም። «ለምን?» ብሎ ቢጽፍ ሁለተኛ መልስ የለም። ሁለተኛ መልስ ከጻፍኩ ወደ «በሞቴ» ተመለስን ማለት ነው።

ይህ መልስ የማይሠራበት ቦታም አለ። ገጹ የተከፈተው በቅርቡ ከሆነ፣ ፎቶው ሁለት ብቻ ከሆነ፣ የጋራ ወዳጆቻችንም የመጣውን ሁሉ የሚቀበሉ ሰዎች ከሆኑ አልመልስም፤ እሰርዛለሁ። ለአጭበርባሪ የሚጻፍ ጨዋ መልስ ከገጹ ጀርባ የሚያነብ ሰው መኖሩን ብቻ ነው የሚነግረው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንደሚለው በ2022 ብቻ ወደ 70,000 የሚጠጉ ሰዎች በፍቅር ስም መጭበርበራቸውን አመልክተዋል፤ የጠፋው ገንዘብም 1.3 ቢሊዮን ዶላር ነው።

ሌላው ደግሞ እንግሊዝኛ የማያነቡ አዛውንት ናቸው። ለእነሱ «ጤና ይስጥልኝ፤ ስለ ጥያቄው አመሰግናለሁ። ይህን ገጽ የምጠቀምበት ከቤተሰብ ጋር ብቻ ነው» እላለሁ። ልብ ብላችሁ ካያችሁት አንተም፣ አንቺም፣ እርስዎም የለበትም።

የመልሱ መፈተኛ አንድ ነው። ሰውየው የጻፍኩትን ስክሪንሾት አንስቶ ለእናቴ ቢያሳያት፣ እሷ የምታፍርበት ቃል፣ እሱም ተስፋ የሚያደርግበት ቃል ሊኖረው አይገባም። ሁለቱን የሚያሟላ ከሆነ ላኩት።